ትንፋሿን አትቁረጡባት

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ወጣት ኤዲተር "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" ብሎ ሥራውን ይዞ መጣ። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካሜራ ፊት ተቀምጣ ስለ ወገብ ሕመም የምታስረዳበት ቪዲዮ ነው። ጥሬው ቀረጻ 14 ደቂቃ ነበር። እሱ 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አድርሶታል። ንግግሯ ጥሩ ነው፣ ብርሃኑም ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ። ትንፋሼን ይዤ ነበር የማየው።

ካቶቹን፣ ምስሉ የተቆረጠባቸውን ቦታዎች፣ ቆጠርናቸው፤ 190 ሆኑ። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ካት ማለት ነው። "ተመልካች እንዳይሰለች ብዬ እኮ ነው" አለኝ። ፍርሃቱ ይገባኛል። እኔም ለብዙ ዓመት በዚያው ፍርሃት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የዚያን ቀን አብረን ያደረግነውን ልጻፍላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ እዚያው ቦታ ላይ እንደምትደክሙ አውቃለሁና።

ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ዝምታን በራሱ ፈልጎ የሚቆርጥ መሣሪያ ላይ ቀረጻውን መጫን ነው። መሣሪያው ድምፁ ዝቅ ያለበትን ቦታ ሁሉ ያወጣል። ዝምታው ምን እየሠራ እንደነበር ግን አያውቅም። ሰው ሲናገር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ዝምታ አለ። አንደኛው ቃል ሲጠፋው፣ "እ…" እያለ ሲፈልግ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው አየር የሚስብበት ነው። ሦስተኛው አንድ ሐሳብ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ሰሚው እስኪይዘው የሚጠብቅበት ነው። የመጀመሪያውን ያለ ርኅራኄ አውጡት። ሁለተኛውን አሳጥሩት፤ ትንፋሹን ራሱን ግን ከመሐል አትቁረጡት። ሦስተኛውን አትንኩት።

በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ባለሙያዋ እንዲህ ትላለች፦ "ወገባችሁን የሚጎዳው ክብደቱ ብቻ አይደለም።" ዝም ትላለች። ከዚያ "ክብደቱን ከሰውነታችሁ አርቃችሁ መያዛችሁም ነው" ትላለች። በጥሬው ቀረጻ መሐል ላይ 1.2 ሰከንድ ዝምታ ነበረ። ሰሚው በውስጡ "ታዲያ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅባት ጊዜ ናት። መሣሪያው አወጣት። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ተጣበቁ፤ የቪዲዮው ዋና ነጥብ እንደ ተራ ወሬ አለፈ። ልጁ ይህን ቦታ ሃያ ጊዜ አይቶታል፤ ግን ከጥሬው ጋር አስተያይቶ አልሰማውም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርን። ዝምታ አልነካንም። ንግግሩን ብቻ ሰማንና ሐሳብ የተደገመበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አደረግንበት። ባለሙያዋ ስለ አቀማመጥ ሦስት ጊዜ አስረድታለች፤ ሦስተኛው ከሁሉ የጠራ ነበር። ሁለቱን አወጣናቸው። ጀምራ የተወቻቸውን ዓረፍተ ነገሮች አወጣን። መግቢያ ላይ ስለምትናገረው ነገር የተናገረችውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ጣልን። በዚህ ብቻ 14 ደቂቃው ወደ 8 ወረደ፤ የተጠቀምነው ካት 30 አይሞላም። ቪዲዮው ያን ጊዜውኑ ፈጠነ። ተመልካች የሚሰለቸው የሰማውን መልሶ ሲሰማ ነው። የግማሽ ሰከንድ ትንፋሽ ማንንም አያሰለችም።

ማጥበቁ ከዚያ በኋላ መጣ። እዚህ ላይ ፍሬም እየቆጠራችሁ መሥራት አለባችሁ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ አንዷ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ናት። ከቃሉ በፊት ሦስት አራት ፍሬም ተዉ። ከቃሉ በኋላ ደግሞ ትንሽ ጨምሩ፣ አምስት ስድስት። በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ድምፅም የሚወርደው እዚያው ላይ ነው። "ነው" የምትለዋ ቃል ብዙ ጊዜ ወደ ሹክሹክታ ትጠጋለች። በድምፅ መጠን የሚቆርጥ መሣሪያ ዝምታ መስላው ጫፏን ይበላታል። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ አይናገርም፤ ብቻ ዓረፍተ ነገሩ ያላለቀ ይመስለዋል። ሌላም አለ። "ሰጠ" ስትሉ "ጠ" ላይ ድምፁ ለአፍታ ይዘጋል፤ ያ መዘጋት የፊደሉ ጥብቀት ነው። የመሣሪያውን አጭር ዝምታ መለኪያ በጣም ካወረዳችሁት የቃሉን ሆድ ይቀድደዋል። መሣሪያውን መጠቀም ካለባችሁ ከግማሽ ሰከንድ በታች ያለውን ዝምታ እንዳይነካ አዝዙት፤ የቀረውን በእጃችሁ ሥሩ።

ትንፋሽን በተመለከተ አንድ ደንብ አለኝ። ወይ ሙሉውን ተዉት፣ ወይ ሙሉውን አውጡት። ግማሹ የተቆረጠ ትንፋሽ ሰው ደንግጦ የሳበው ይመስላል። አንድ ጊዜ በሌሊት የጨረስኩትን ቃለ ምልልስ ላክሁ። ደንበኛው በማግስቱ ደውሎ "ሰውዬው ምን አናደደው?" አለኝ። ሰውዬው አልተናደደም፤ በተረጋጋ መንፈስ ነበር የሚናገረው። ትንፋሹን ሁሉ ስላወጣሁበት ንግግሩ ያለ እረፍት የሚወርድ ቁጣ መሰለ። የሰውን ጠባይ ነው የቀየርኩበት። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካቶቹ ላይ የድምፁን ጫፍ ለጫፍ በአንድ ወይም በሁለት ፍሬም ክሮስፌድ፣ አንዱ ድምፅ እየወረደ ሌላው እየወጣ፣ አገናኙት፤ ያለዚያ "ጠቅ" የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማል። ቀረጻ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ሠላሳ ሰከንድ ቅዱ። ያንን ከሥር ካነጠፋችሁት ካቶቹ ላይ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ የገባ አይመስልም።

አሁን ወደ ምስሉ። ጀምፕ ካት፣ ያው ሰው በዚያው ምስል ውስጥ ድንገት የሚዘልበት ካት፣ ዓይን የሚያደክመው ጭንቅላቱ ስለዘለለ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ስለዘለለ ነው። ጭንቅላቷ ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ካለ፣ ቪዲዮው የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አላችሁ። አንዱ ጭንቅላቷ በሁለቱም ክሊፕ አንድ ቦታ ላይ የሚገኝበትን ፍሬም መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ሰው ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ ወደ መነሻው አቀማመጥ ይመለሳልና። ሁለተኛው የምስሉን መጠን በግልጽ መቀየር ነው። ከ115 እስከ 125 በመቶ አስጠጉት። ከ110 በታች ከሆነ ስህተት ይመስላል። ስታስጠጉ ዓይኖቿ ስክሪኑ ላይ በነበሩበት ከፍታ ይሁኑ፤ የተመልካቹ ዓይን እዚያ ነው ያለው፣ እንዲፈልጋቸው አታስገድዱት። በ4ኬ ቀርጻችሁ በ1080 የምታወጡ ከሆነ እስከ እጥፍ ብታስጠጉት እንኳ ጥራቱ አይጎዳም። በ1080 ከቀረጻችሁት ግን ከ120 አትለፉ፤ ፊቱ መለስለስ ይጀምራል።

ልጁ ይህንን ያውቅ ነበር። ያጠፋው ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ካት ላይ አንዴ ጠጋ፣ አንዴ ራቅ ያደርጋል። ያ ዥዋዥዌ ነው። ጠጋ ማለት ለተመልካች "ይቺን ልብ በላት" ማለት ነው፤ በየሁለት ሰከንዱ ልብ በል የተባለ ሰው መስማት ያቆማል። እኛ በጠቅላላው ስምንት ቦታ ብቻ አስጠጋን። አንዱ "አይደለም" ካለችና ዝም ካለች በኋላ ነው። ዝምታዋን በራቀው ምስል ተውናት፣ "ክብደቱን" ስትል ጠጋ አልን፣ ሐሳቧ እስኪያልቅ እዚያው ቆየን። አዲስ ርዕስ ስትጀምር ነው የተመለስነው። የሚቆረጠውም እጇ አየር ላይ እያለ እንዳይሆን ተጠነቀቅን። ተነሥቶ ያልወረደ እጅ በቀጣዩ ምስል ጭኗ ላይ ከተገኘ ሰው ንግግሩን ትቶ እጇን ይፈልጋል።

ቪዲዮው መሐል ላይ ባለሙያዋ ራሷ ከባድ ሣጥን አንሥታ ወገቧን የያዛትን ቀን ታወራለች፤ 22 ሰከንድ ነው። ልጁ አሥራ አንድ ቦታ ቆርጦት ነበር። አንድም ካት ሳናስገባ መለስነው። ቃል የምትፈልግበት "እ…" እንኳ አለበት፤ ተውነው። ቅድም ያለ ርኅራኄ አውጡት ያልኳችሁን ራሴ ሳፈርሰው ነው፤ ነገር ግን ሰው የራሱን ሕመም ሲያስታውስ ቃል መፈለጉ የታሪኩ አካል ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አንድ ደቂቃ ጥብቅ ብሎ ስለሄደ፣ ይህ ረጅም ምስል እንደ መቀመጫ ሆነ። ፍጥነት የሚሰማው ዝግታ ከጎኑ ሲኖር ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የፈጠነ ነገር ከሦስት ደቂቃ በኋላ ፍጥነቱ አይታወቅም፤ ድካሙ ብቻ ይቀራል።

እንዴት እንደምትፈትሹት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሄድፎን አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ካቱ የት እንዳለ በጆሯችሁ ካወቃችሁ ድምፁ ላይ ሥራ አለ። ቀጥሎ ድምፁን አጥፍታችሁ በስልክ እዩት። ዓይናችሁ ደንገጥ ያለበትን ሰዓት ጻፉ። ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጣል፤ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ያንን ዓረፍተ ነገር አርባ ጊዜ ሰምታችሁታል። ለእናንተ እያንዳንዱ ዝምታ ረዝሟል፤ ተመልካቹ ግን የሚሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አምስተኛው ሰዓት ላይ የምትቆርጡት ከተመልካቹ ስልቸታ ሳይሆን ከራሳችሁ ስልቸታ ነው። እኔ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ክሊፕ አደራጃለሁ፣ ቀለም አስተካክላለሁ፤ ዝምታ ግን አልቆርጥም።

የእኛው ቪዲዮ መጨረሻ ላይ 7 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ሆነ፤ 61 ካት። ከልጁ ሥራ በ45 ሰከንድ ይረዝማል። በማግስቱ ጠዋት አብረን አየነው። "ክብደቱ ብቻ አይደለም" የምትለው ቦታ ሲደርስ ጣቱ ወደ ማቆሚያው ሄደ። ዝምታዋ አለፈች። ባለሙያዋ ቀጠለች። እሱም ጣቱን መልሶ ጭኑ ላይ አደረገ።