የብራኪያል ፕሌክሰስ ማስታወሻን በሠንጠረዥ ስለ ማደራጀት፦ ጥያቄና መልስ

ብራኪያል ፕሌክሰስ ከአንገት ወደ ክንድ የሚሄደው የነርቭ መረብ ነው። ጥያቄዎቹ የመጡት ከጎጃም ሲሆን፣ መልስ የሚሰጡት ባሕር ዳር የሚኖሩ የአናቶሚ መምህር ናቸው።

ጥያቄ (የሕክምና ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ ሥር፣ ትራንክ፣ ዲቪዥን፣ ኮርድ ብዬ አራት ዓምድ አበጀሁ። አምስቱን ሥሮች በአምስት ረድፍ ጻፍኩ፤ ከዲቪዥን በኋላ ግን ሁሉም ይቀላቀልብኛል።

መልስ፦ ዓምዶቹ ትክክል ናቸው፤ መስተካከል ያለበት ረድፉ ነው። አምስቱ ሥሮች ተሰብስበው ሦስት ትራንክ ይሆናሉ፣ ሦስቱ ትራንኮች እያንዳንዳቸው ለሁለት ተከፍለው ስድስት ዲቪዥን ይሆናሉ፣ ስድስቱ ደግሞ እንደገና ተሰብስበው ሦስት ኮርድ ይሆናሉ። ስለዚህ ረድፉን መቁጠር ያለብዎት ቁርጥራጩ በበዛበት ደረጃ ማለትም በዲቪዥን ነው።

| ሥር | ትራንክ | ዲቪዥን | ኮርድ |
|---|---|---|---|
| ሲ5፣ ሲ6 | የላይ | የፊት | ላተራል |
| ሲ5፣ ሲ6 | የላይ | የኋላ | ፖስቴሪየር |
| ሲ7 | የመካከል | የፊት | ላተራል |
| ሲ7 | የመካከል | የኋላ | ፖስቴሪየር |
| ሲ8፣ ቲ1 | የታች | የፊት | ሚዲያል |
| ሲ8፣ ቲ1 | የታች | የኋላ | ፖስቴሪየር |

ጽፈው ሲጨርሱ የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ ይመልከቱ። ፖስቴሪየር ሦስት ጊዜ፣ ላተራል ሁለት ጊዜ፣ ሚዲያል አንድ ጊዜ ካልመጣ አንዱ ረድፍ ተሳስቷል። «የኋላ» የሚለው ሁሉ ያለ ልዩነት ወደ ፖስቴሪየር መግባቱን ካስተዋሉ፣ በቃል የሚያዘው የፊቶቹ ሦስት ረድፍ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ (የጤና መኮንን ተማሪ)፦ አምስተኛ ዓምድ ጨምሬ ሚዲያን ነርቭን ከላተራል ኮርድ ፊት ለፊት ብጽፈው ይበቃል፤ ከዚያ ነው የሚወጣው አይደል?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ሚዲያን ነርቭ ሁለት ክንድ አለው፤ አንዱ ከላተራል፣ ሌላው ከሚዲያል ኮርድ ይመጣና ብብት ውስጥ በአክሲላሪ አርተሪ ፊት ይገናኛሉ። ላተራል ላይ ብቻ ከጻፉት፣ የታችኛው ትራንክ የተጎዳበት ሰው በአውራ ጣቱ ሥር ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ለምን እንደሚሟሽሹ ሠንጠረዡ ሊያስረዳዎት አይችልም፤ የእነዚያ ጡንቻዎች ነርቭ የሚመጣው በሚዲያል ኮርድ በኩል ነውና። አምስተኛ ዓምድ አልመክርም። ነርቮቹን በሌላ ትንሽ ሠንጠረዥ በኮርድ ይመድቧቸው፦ ለላተራል መስኩሎኪዩቴኒየስና የሚዲያን አንድ ክንድ፣ ለሚዲያል አልናርና የሚዲያን ሌላ ክንድ፣ ለፖስቴሪየር አክሲላሪና ራዲያል።

ጥያቄ (እናት፣ ፍኖተ ሰላም)፦ እኔ ተማሪ አይደለሁም። የእኅቴ ልጅ ሲወለድ ትከሻው ተይዞ ነበር፤ ቀኝ ክንዱን አያነሣም፣ ጣቶቹን ግን ይጨብጣል። ነርቩ ተቆርጧል ማለት ነው?

መልስ፦ ሕፃኑን እግዚአብሔር ይማረው። መቆረጡን ወይም መሳቡን ሠንጠረዥ ሊነግረን አይችልም፤ ያንን የሚለየው ሐኪም ነውና ሳይዘገይ ይታይ። የጉዳቱን ቦታ ግን ያመለክታል። ትከሻ ተይዞ አንገት ወደ ሌላው ጎን ሲሳብ ከሁሉ በፊት የሚወጠረው የላይኛው ትራንክ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፎች ብንከተል፣ በፊተኛው ክርን የሚያጥፈውን ባይሴፕስ፣ በኋለኛው ክንድ የሚያነሣውን ዴልቶይድ እናገኛለን። ሁለቱ ሲደክሙ ክንዱ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ክርኑም ተዘርግቶ ይቀራል። ጣቶቹ መጨበጣቸው የታችኞቹ ረድፎች ሳይነኩ እንደቀሩ ያመለክታል። ብዙዎቹ ሕፃናት በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ሐኪሞች ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ክርኑን ማጠፍ መጀመሩን በተለይ ይከታተላሉ። በዚያው ጎን የዓይኑ ቆብ ከወደቀና ብሌኑ ከጠበበ፣ ጉዳቱ ወደ አከርካሪው የቀረበ ሊሆን ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጥያቄ (የመጀመሪያው ተማሪ)፦ ታዲያ ሥሩ ይሁን ትራንኩ የተጎዳው በምን ይለያል? ሁለቱም በአንድ ረድፍ ነው ያሉት።

መልስ፦ ከዋናው መንገድ ቀድመው በሚገነጠሉት ነርቮች ይለያል። ሎንግ ቶራሲክ ነርቭ ከሲ5፣ ከሲ6 እና ከሲ7 ሥሮች በቀጥታ ይወጣል፤ ሱፕራስካፑላር ግን የሚወጣው ከላይኛው ትራንክ ነው። በሽተኛው ግድግዳ ሲገፋ ስካፑላው እንደ ክንፍ ከጀርባው ከተነሣ፣ ጉዳቱ ትራንኩ ከመሠራቱ በፊት ሥሮቹ ዘንድ መሆኑን እንጠረጥራለን። ስለዚህ እነዚህን በዓምዶቹ ራስጌ በሌላ ቀለም ይጻፏቸው። ከዲቪዥን የሚወጣ ቅርንጫፍ ስለሌለ የዚያ ዓምድ ራስጌ ባዶ ይቀራል።

ጥያቄ (የጤና መኮንኑ ተማሪ)፦ ሲ4 የሚጨመርበት ሰው አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ረድፍ ይጨመርለት?

መልስ፦ አለ፤ ቲ2 የሚያዋጣበትም ይገኛል። አንድ ባልደረባዬ ተማሪ ልዩነቱን ከመጀመሪያው እንዲያየው በነጠብጣብ መስመር ያስገቡታል። እኔ ደግሞ ሲ4 አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይኛው ትራንክ ስለሚገባ አዲስ ረድፍ አልሠራለትም፣ ከሲ5 ጎን በትንሹ እጽፈዋለሁ። በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማማንም።