ከረጅም የሕመም ፈቃድ ለምትመለስ ባልደረባ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዋና ገንዘብ ያዣችን ከጥር 12 ጀምሮ በሕመም ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ግንቦት 12 ትመለሳለች። በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ብዬ ልለጥፍ አስቤአለሁ፦ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ! ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አሁን ሙሉ በሙሉ ዳንሽ አይደል? ድካም እንዳይበዛብሽ ቀለል ያለ ሥራ አዘጋጅተንልሻል። የሰኔ መዝጊያም ደርሷል፣ በጉጉት እየጠበቅንሽ ነው።» በሕግ በኩል የሚያስጠይቅ ነገር አለው?

መልስ፦ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» የሚለው እንዳለ ይቀመጥ፤ እሱ ማንንም አስጠይቆ አያውቅም። ከእሱ በታች ያለውን ግን አሁን እንዳለ አይላኩት። ከመልእክቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ደግሞ ሳይነግሩኝ ያለፉት ነው። ገንዘብ ያዥ ለአራት ወር ስትቀር ካዝናው ክፍት ሆኖ አይጠብቃትም፤ ቁልፉን የያዘ ሰው አለ። ያ ሰው ማን ነው? በምን ደብዳቤ ተመደበ? «ቀለል ያለ ሥራ» የመጣው ለእሷ ታስቦ ነው ወይስ ወንበሯ ስለተያዘ? እነዚህን ሳይመልሱ የተጻፈ መልእክት ቃላቱ ምንም ያህል ቢለሰልሱ ከክርክር አያድንዎትም።

መደበኛውን ሕግ ባጭሩ ላንሳው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም፣ ከመጀመሪያው የሕመም ቀን በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አላት። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ይህንንም አልነገሩኝም፣ ያጣሩ። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ ይህን መልስ ለእነሱ አይጠቀሙበት።

አሁን በእርስዎ ሠራተኛ ላይ እንቁጠረው። ደሞዟ ለምሳሌ 18,000 ብር ቢሆን እስከ የካቲት 11 ሙሉ 18,000 አገኘች። ከዚያ እስከ ሚያዝያ 11 በየወሩ 9,000 አገኘች። ከሚያዝያ 12 ወዲህ ምንም አልተከፈላትም። እስከሚቀጥለው ጥር 11 ድረስ ደግሞ የቀራት ሁለት ወር ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ክፍያ። ስለዚህ የምትመለሰው አንድ ወር ሙሉ ያለ ገቢ ቆይታ፣ ደግማ ብትታመምም ከድርጅቱ ሳንቲም እንደማታገኝ እያወቀች ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለች ሴት «ሙሉ በሙሉ ዳንሽ አይደል?» ብሎ ሰው ፊት መጠየቅ «አዎ» ከማለት ሌላ መልስ አይተውላትም። «የሰኔ መዝጊያ ደርሷል» ሲጨመርበት ደግሞ ጥያቄው ትእዛዝ ይሆናል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ማን ነገረዎት? እሷ ራሷ ከነገረችዎት ለእርስዎ ነው የነገረችው፣ ለግሩፑ አይደለም። ከሰው ኃይል ክፍል ካለው የሐኪም ወረቀት አይተው ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የበሽታው ስም በግልጽ ይጻፋል፤ ብዙ ቢሮዎች ውስጥ ደግሞ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ «ለመረጃ ያህል» እየተባለ ይዞራል። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። ለክፍል ኃላፊ የሚበቃው ፈቃዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ እና ሐኪሙ በሥራ ላይ የጣለው ገደብ ካለ ገደቡ ብቻ ነው። ወረቀቱ በስልክዎ ካለ ያጥፉት፤ ለሌላ ሰው አሳልፈው ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለድርጅቱ የሕግ አማካሪ ያሳውቁ።

ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ፦ «ቀለል ያለ ሥራ አዘጋጅተንልሻል»። አሠሪዎች ደጋግመው የሚወድቁበት እዚህ ላይ ነው፤ የሚወድቁትም በክፋት ሳይሆን በደግነት ነው።

በሕመም ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛ ውሏ እንዳለ ይቀጥላል። የሥራ መደቧ ዋና ገንዘብ ያዥ ነው፤ ስትመለስም የምትመለሰው ወደዚያው ነው። በአዋጁ አንቀጽ 15 መሠረት የሥራ ውል ሁኔታ የሚለወጠው በኅብረት ስምምነት፣ በአግባቡ በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው። ኃላፊው ብቻውን «አስበንልሽ ሰነድ ማደራጀት ላይ መደብንሽ» ሲል እዚያ ውስጥ አይገባም። ደሞዟ ባይነካ እንኳ ከገንዘብ ያዥነት ጋር የሚከፈላት አበል ካለ ይቀራል፤ በባንክ ያላት ፈራሚነት ይቀራል፤ የደረጃ እድገት ሲመጣ ደግሞ «መደቡ ላይ አልነበርሽም» ትባላለች።

እሷ በትሕትና «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ትመልሳለች እንበል። ከስድስት ወር በኋላ ድርጅቱ ያቺን «እሺ» ይዞ «ተስማምታለች» ይላል። የእሷ ጠበቃ ደግሞ ያንኑ መልእክት አትሞ «ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እንደ በሽተኛ ቆጥረው ከመደቧ አነሷት» ብሎ ያቀርበዋል። አንቀጽ 14 በሠራተኞች መካከል አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። በጤና ምክንያት በማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው ደግሞ፣ በአንቀጽ 28፣ ሠራተኛው ግዴታውን ለመፈጸም ለዘለቄታው ካልቻለ ብቻ ነው። አራት ወር ታሞ መመለስ ይህን አያሳይም። የእርስዎ መልእክት ግን ድርጅቱ ውስጥ ገና ከጅምሩ «አትችልም» የሚል ሐሳብ እንደነበረ ማስረጃ ሆኖ ይቆማል። የክፍል ኃላፊ በሥራ ጉዳይ የጻፈው «የግሌ ነው» ቢባል ብዙም አያስኬድም።

ተተኪው በአንቀጽ 10 መሠረት በሕመም የቀረች ሠራተኛን ለመተካት ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ወይም በውክልና የተመደበ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፦ ውክልናው በደብዳቤ ይነሣል፣ እሷ ወደ መደቧ ትመለሳለች። በዚያው መደብ በቋሚነት ተቀጥሮ ከሆነ ግን በእጅዎ ያለው አንድ መደብና ሁለት ቋሚ ሠራተኞች ናቸው። ይህንን «ድካም እንዳይበዛብሽ» በሚል ዓረፍተ ነገር ለመሸፈን አይሞክሩ። ከግንቦት 12 በፊት ሁለቱንም የቅጥር ደብዳቤዎች ይዘው ጠበቃ ያነጋግሩ።

በእርግጥ ቀለል ያለ ሥራ የሚያስፈልጋት ሊሆን ይችላል። ያኔ መነሻው እሷ ወይም ሐኪሟ ይሁኑ። ሐኪሙ «ለስድስት ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አታንሳ» ወይም «ግማሽ ቀን ትሥራ» ብሎ ከጻፈ ያ ብቻ ተወስዶ በአንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኛው ተግባር ለጊዜው ወደ ማን እንደሚዛወር፣ የሥራ መደቧና ደሞዟ እንዳልተነካ፣ አበሉ ምን እንደሚሆን፣ እንደገና የሚታይበት ቀን። በሁለት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ ለእሷ ይሰጥ። የበሽታው ስም ወረቀቱ ላይ አይግባ።

ሙያዎ ስለሆነ ያውቁታል፣ ግን ልጨምር፦ ካዝናውን ሳትቆጥር አታስፈርሟት። ተተኪው፣ እሷና አንድ ታዛቢ ባሉበት ጥሬ ገንዘቡ ይቆጠር፣ ከመዝገቡ ጋር ይታረቅ፣ የቼክ ጥራዞቹ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቁጥር ይመዝገብ። ርክክቡ በመጣች በመጀመሪያው ሰዓት መሆን የለበትም። ተጣድፋ ከፈረመች ሰኔ 30 ሲቆጠር የሚገኘው ጉድለት በማን ዘመን እንደተፈጠረ ማስረዳት አይቻልም።

መልእክቱ ከመምጫዋ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀድሞ፣ በሥራ ሰዓት፣ ለእሷ ብቻ ይላክ። እኔ ብሆን ይህን ያህል እጽፍ ነበር፦

«ሰላም፣ እንደምን አለሽ? እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። ግንቦት 12 እንደምትመለሺ ከሰው ኃይል ሰማሁ፣ ደስ ብሎኛል። የሥራ መደብሽ እንደነበረ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢሮዬ ብትመጪ የርክክቡን ቀን አብረን እንወስናለን፤ የሰኔ መዝጊያ ሥራ የተመደበለት ሰው አለው። ሥራሽ ላይ እንዲመቻችልሽ የምትፈልጊው ነገር ካለ በፈለግሽው ጊዜ ለእኔ ወይም ለሰው ኃይል ንገሪን። ለዚህ መልእክት መልስ መስጠት አይጠበቅብሽም።»

ስለ ሕመሟ አንድም ጥያቄ እንደሌለው ያያሉ። የተጠየቀው ሥራውን የሚመለከት ነው፣ እሱም እሷ ከፈለገች። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትርፍ ሊመስልዎት ይችላል፤ እሱ ከሌለ ግን ማብራሪያ መስጠት ያለባት ይመስላታል። «የሥራ መደብሽ እንደነበረ ነው» የሚለውን የሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ሳያረጋግጥልዎ እንዳይጽፉ። ስለ መዝጊያውም በትክክል ሰው ካልመደቡ ያንን ሐረግ ያውጡት። «በፈለግሽ ጊዜ ፈቃድ እንሰጥሻለን» ብለውም አይጨምሩ፤ የቀራት ሁለት ወር መሆኑን አይተናል፣ ድርጅቱ ያልወሰነውን ቃል ደግሞ እርስዎ ሊገቡለት አይችሉም።

ለግሩፑ «ከግንቦት 12 ጀምሮ የገንዘብ ያዥ ሥራ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል» የሚል ማስታወቂያ ይበቃል። ባልደረቦቿ መጠየቅና ፍራፍሬ ይዘው ቤቷ መሄድ ይፈልጉ ይሆናል፤ ያ የእነሱና የእሷ ጉዳይ ነው። «ለሕክምናዋ መዋጮ» የሚል ዝርዝር ግን እሷ ሳትፈቅድ ግሩፑ ላይ አይውጣ።

ከመላክዎ በፊት የቅጥር ውሏን፣ የሥራ መደብ ዝርዝሩን፣ ፈቃዱ የተሰጠበትን ደብዳቤ፣ የአራቱን ወራት የደሞዝ ፔሮል እና የተተኪውን ምደባ ደብዳቤ ሰብስበው ለድርጅቱ የሕግ አማካሪ ያሳዩ። ከአምስቱ የተተኪው ደብዳቤ ካልተገኘ መልእክቱን ያቆዩት።