ደም ሲሰጥ ትኩሳት ከመጣ መጀመሪያ ደሙን አቁሙ

«ታካሚዬ ደም እየወሰደ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ጀመረው። ሲኒየሬ “የተለመደ ነው፣ ፓራሲታሞል ስጪውና ይቀጥል” አለችኝ። ልክ ናት? አደገኛውን ከቀላሉ በምን ትለያላችሁ?»

ልክ አይደለችም እህቴ። አብዛኛው ትኩሳት ቀላሉ ዓይነት ስለሆነ እንዲህ ያለው ምክር ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳያስከትል ያልፋል። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቀላሉም ገዳዩም በአንድ መልክ መምጣታቸው ነው። አልጋ አጠገብ ቆሞ በዓይን ብቻ የሚለያቸው ሰው አላየሁም። ስለዚህ ደሙ ይቆማል፣ የመለየቱ ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቀላሉ ትኩሳት የሚነሳው በከረጢቱ ውስጥ ከቀሩ የለጋሹ ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ደሙ ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ እነዚህ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ ትኩሳት ቀስቃሽ ነገሮችን ይለቃሉ። ወይም ደግሞ ከዚህ በፊት ደም የወሰደ ሰው፣ ወይም ያረገዘች ሴት፣ በነጭ ሕዋሳቱ ላይ አንቲቦዲ ሊኖራቸው ይችላል። ሙቀቱ ቢያንስ 1 ዲግሪ ጨምሮ 38 ይደርሳል ወይም ያልፋል። ደሙ ካለቀ በኋላም እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ያስጨንቃል፣ ግን አይገድልም።

ገዳዩ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈነዳው ሄሞሊቲኩ ነው። የደም ዓይነቱ ኦ የሆነ ሰው ደም ወስዶ ባያውቅም እንኳ ኤ እና ቢን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ደሙ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የኤ ደም ሲገባ አንቲቦዲው ወዲያው ይጣበቅበትና ኮምፕሊመንት የሚባለውን ሥርዓት ይቀሰቅሳል። ኮምፕሊመንቱ ቀይ ሕዋሱን ይበሳዋል፣ ሕዋሱም እዚያው ደም ስር ውስጥ ይፈነዳል። የፈሰሰው ሄሞግሎቢን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊት ይወርዳል፣ የመርጋት ሥርዓቱም ሊዛባ ይችላል። ለዚህ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ቀስ አድርገን የምንሰጠውና ከታካሚው አጠገብ የማንርቀው ለዚህ ነው።

አንድ የማውቀው ኬዝ ልንገርሽ። ታካሚዋ ኦ ፖዘቲቭ ናት፤ ከመጀመሩ በፊት ሙቀቷ 36.9፣ ግፊቷ 120/70 ነበር። ደሙ በተጀመረ በ10 ደቂቃ ገደማ «ወገቤን» አለች። መርፌው ያለበት ክንዷም ያቃጥላት ጀመር። ዝም ብላ መቁነጥነጥ አበዛች፣ «የሆነ ነገር ልሆን ነው» ትላለች። ሙቀቷ ገና 38.1 ነው። ግፊቷ ግን 95/60 ወርዷል፣ የልብ ምቷ 118 ገብቷል። ትኩሳቱን ብቻ ያየ ሰው ፓራሲታሞል ሰጥቶ ይሄድ ነበር። እኔ ከቴርሞሜትሩ ይልቅ የምፈራው የወገብ ሕመሙን፣ የክንዱን ማቃጠልና ያንን የማይጨበጥ ፍርሃት ነው።

ነርሷ ደሙን አቆመች። ካኑላውን ሳትነቅል የደሙን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ቀይራ በአዲስ ቧንቧ ኖርማል ሳላይን ጀመረችላት። በድሮው ቧንቧ ብታስገባ ኖሮ እዚያ ውስጥ የቀረው ደም ተገፍቶ ይገባ ነበር። ቀጥላ የከረጢቱን ወረቀት ከእጅ አምባሯ ጋር አስተያየች። ስሙ ይመሳሰላል፣ የካርድ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። ከረጢቱ ኤ ፖዘቲቭ ነበር።

ከዚያ ከሌላኛው ክንድ አዲስ ናሙና ተወስዶ ከከረጢቱ ጋር ላቦራቶሪ ሄደ። ናሙናው በማሽን ሲሽከረከር ከላይ የሚቀረው ፕላዝማ ሮዝ ሆነ፤ ከደሙ በፊት የተወሰደው ናሙና ቢጫ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሽንቷም ቀላ። ሽንቱ ሲሽከረከር ቀይ ሆኖ ከቀረ ሄሞግሎቢን ነው፤ ቀዩ ታች ረግቶ ላዩ ከጠራ ደም ነው። በቀይ ሕዋስ ላይ የተጣበቀ አንቲቦዲን የሚያሳየው ኩምብስ ቴስቷ ፖዘቲቭ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ የገባው ሕዋስ በሙሉ ፈንድቶ ካለቀ ኩምብስ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ሮዝ ፕላዝማ እያየሽ በኔጌቲቭ ውጤት እንዳትታለዪ።

ሰመመን ላይ ያለ ታካሚ «ወገቤን» አይልም። እዚያ ጥቆማው ምክንያቱ ያልታወቀ የግፊት መውረድ፣ ከቁስሉ ዝም ብሎ የሚንጠባጠብ ደምና ካቴተር ውስጥ የሚታይ ቀይ ሽንት ነው።

አለርጂው መልኩ ሌላ ነው፤ የሚመጣው ከለጋሹ ፕላዝማ ፕሮቲን ሲሆን ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም። ማሳከክና ሽፍታ ብቻ ከሆነ ደሙ ቆሞ ፀረ ሂስታሚን ይሰጣል፤ ሲሻለው ያንኑ ከረጢት ቀስ ብሎ መቀጠል ይቻላል። እንዲህ የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው። ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካፏጨ ወይም ግፊት ከወረደ ግን ጡንቻ ላይ አድሬናሊን ነው፤ ያ ከረጢት ዳግመኛ አይከፈትም።

አንድ ነገር ብዙዎች ይረሱታል። ከረጢቱ የሌላ ሰው ከሆነ፣ ያ ሌላ ሰው በዚያው ሰዓት የእሷን ከረጢት እየወሰደ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን ነርሷ ሐኪም እየጠራች ባልደረባዋን ወደዚያኛው አልጋ ላከቻት። የእሱ ደም ገና አልተጀመረም ነበር።