«ለቀቀ» መቼ ይባላል? የዲስካውንት ሬትና የክፍት ገበያ ግብይት ነገር

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ እሠራለሁ። ለአዳዲስ ሠራተኞች በማዘጋጀው ጽሑፍ ላይ «ማዕከላዊ ባንኩ ዲስካውንት ሬቱን ዝቅ አድርጎ ለባንኮች ገንዘብ ለቀቀ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ለቀቀ»ን ሰርዘው «እንዲህ አይባልም» አሉኝ። ስለ ክፍት ገበያ ግብይት በጻፍኩት ላይ ግን ያንኑ ቃል ዝም ብለው አለፉት። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ አለቃሽ ልክ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል እንከን የለውም። የተሳሳተው ባለቤቱ ነው። ዲስካውንት ሬት፣ ማለትም ማዕከላዊ ባንኩ ለባንኮች የሚያበድርበት ወለድ፣ ሲወርድ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ሊበደር የመጣው ባንክ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ ዋጋ ለጥፎ ይጠብቃል።

«ለቀቀ» ስትዪ አድራጊው በእጁ ያለውን ነገር፣ በራሱ ፈቃድ፣ በፈለገው መጠን አሳልፎ መስጠቱን ትነግሪናለሽ። ሩቅ ሳትሄጂ የጨራጨራን በሮች አስቢ። ከጣና ወደ ዓባይ የሚወርደው ውኃ ምን ያህል እንደሚሆን በሩን የሚያስከፍተው ክፍል ይወስናል። እሱ «ውኃ ለቀቀ» ቢባል ያምርበታል። በዚህ አነጋገር «ለቀቀ» ለክፍት ገበያ ግብይት ልክ ይመጣል፤ ለዲስካውንት ሬት ግን አይመጣም።

ክፍት ገበያ ላይ የሚሆነውን እንየው። ማዕከላዊ ባንኩ በባንኮች እጅ ያለው ገንዘብ አንሷል ብሎ ካሰበ ወደ ገበያ ይወጣና የግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛል። የሻጩ ባንክ ሂሳብ ያለው እዚያው ማዕከላዊ ባንክ ውስጥ ስለሆነ፣ ክፍያው ያን ሂሳብ ከፍ በማድረግ ያልቃል። ገንዘብ በካርቶን ተጭኖ አይሄድም። በቃ፣ የባንኮች መጠባበቂያ በዚያው መጠን ጨመረ። ገንዘብ መሰብሰብ ሲፈልግ ደግሞ ሰነድ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ «ከጥቂት ቀን በኋላ መልሰህ ትወስደዋለህ» የሚል ውል አስሮ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ዛሬ ያስገባውን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ያስወጣዋል። መጠኑንም ቀኑንም የሚመርጠው እሱ ነው። ባይጥመው በማግስቱ ይቀይረዋል። እዚህ ላይ ለቀቀ፣ አስገባ፣ ሰበሰበ ብትዪ ሁሉም ያስኬዳል።

ዲስካውንት ሬት ላይ ደግሞ ማዕከላዊ ባንኩ «ቸግሮህ ከመጣህ በዚህ ወለድ አበድርሃለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ገንዘብ ያጠረው ባንክ መያዣ ይዞ ይመጣና፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሌሊት ይበደራል። ማን ይመጣል? ስንት ይበደራል? ይህን የሚወስነው ተበዳሪው ነው። (በነገራችን ላይ «የቅናሽ ተመን» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። እኔ አልወደውም፤ አንባቢው የበዓል ሰሞን የሱቅ ቅናሽ ይመስለዋል። ባንክ ቤት የሚባለውን «ዲስካውንት ሬት» ጻፊ።)

እንግዲህ መሣሪያውን ደካማ የሚያደርገው እዚህ ጋ ነው። ባንክ ወደ ማዕከላዊ ባንኩ ለመሄድ የሚያየው ዲስካውንት ሬቱን ለብቻው አይደለም። ከሌላ ባንክ በስንት ሊበደር እንደሚችል ጋር ያስተያየዋል። ባንኮች እርስ በርስ በ5 ከሩብ በመቶ እየተበዳደሩ ዲስካውንት ሬቱ 6 ከሩብ ከነበረ፣ ወደ 5.75 ቢወርድም አሁንም የባልንጀራው ገንዘብ ይረክሳል። ስለዚህ ማን ይመጣል? ግማሽ መቶኛ ነጥብ ተቀንሶ የባንኮች ገንዘብ በአንዲት ሳንቲም ላይጨምር ይችላል።

«ታዲያ ከገበያው በታች ያድርጉት» ትዪ ይሆናል። አሜሪካኖች ለረጅም ጊዜ ያደረጉት እሱን ነበር። ያኔ ሌላ ጣጣ መጣ። ርካሽ ገንዘብ ተበድሮ በውድ ማበደር ማንንም ያጓጓል። ስለዚህ የማዕከላዊ ባንካቸው የፌዴራል ሪዘርቭ ሰዎች ተበዳሪውን «መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሞክረሃል? ለምን አስፈለገህ?» እያሉ መጠየቅ ነበረባቸው። ዋጋው ይጋብዛል፣ ጠባቂው ይመልሳል። ከ2003 ጥር ጀምሮ ይህን ተዉትና (የማነሣቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ፣ የእኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለጤነኛ ባንኮች ተመኑን ከገበያው ግባቸው፣ ማለትም ባንኮች እርስ በርስ እንዲበዳደሩበት ከሚፈልጉት ወለድ፣ አንድ መቶኛ ነጥብ ከፍ አደረጉት። ጥያቄው ቀረ፤ ነገር ግን ይህ የብድር መስኮት ለችግር ቀን ብቻ የሚኬድበት ሆነ።

ከዋጋው በላይ ደግሞ ስም አለ። ባንክ ከማዕከላዊ ባንክ ተበደረ ሲባል ሰው «ምን ነክቶት ነው?» ይላል። አስቀማጭ ይሸሻል፣ ሌሎች ባንኮች እጃቸውን ይሰበስባሉ። ስለዚህ ባንኮች ዋጋው ቢስማማቸው እንኳ ከዚያ በር ላይ መታየት ይፈራሉ።

ይህ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ጥርት ብሎ የታየው በ2007 ነሐሴ ላይ አሜሪካ ውስጥ ነው። የቤት ብድር ቀውሱ ሲጀምር ባንኮች መተማመን አቆሙ። ነሐሴ 10 ቀን የኒውዮርኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ቅድም ባነሣሁት መልሶ የመሸጥ ውል 38 ቢሊዮን ዶላር በአንድ ቀን ወደ ገበያው አስገባ። «አስገባ» ማለቴን ልብ በዪ። የማንንም መምጣት አልጠበቀም።

ከሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 17፣ ፌዴራል ሪዘርቭ ዲስካውንት ሬቱን ከ6.25 ወደ 5.75 በመቶ አወረደ። ብድሩንም እስከ 30 ቀን ማቆየት ይቻላል አለ። የገበያው ግብ ግን እዚያው 5.25 ላይ ቀረ። ቅድም የሰጠሁሽ ስሌት ማለት ነው። ተመኑ ወርዶም ከገበያው ግማሽ ነጥብ ይበልጣል።

ነሐሴ 22 አራት ትልልቅ ባንኮች ሄደው እያንዳንዳቸው 500 ሚሊዮን ዶላር ተበደሩ። የሚገርመው ሦስቱ በጋራ ያወጡት መግለጫ ነው። ሌላ ቦታ በተሻለ ዋጋ መበደር እንደሚችሉ ተናገሩ። ለምን ተበደሩ ታዲያ? «ወደዚህ መስኮት መሄድ አያሳፍርም» ለማለት ነው። ብድሩ ለታይታ ነበር ብትዪ አልቃወምሽም። የአራቱ ብድር ተደምሮ 2 ቢሊዮን ነው። ማዕከላዊ ባንኩ ራሱ ባለቤት ሆኖ በአንድ ቀን ካስገባው 38 ቢሊዮን ጋር አስተያዪው።

ኀፍረቱ ግን አልለቀቀም። ስለዚህ በታኅሣሥ ሌላ ዘዴ አመጡ፤ ያንኑ ብድር በጨረታ ማቅረብ። የመጀመሪያው ጨረታ 20 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ባንኮች ከ61 ቢሊዮን በላይ ጠየቁ። አበዳሪው ያው፣ መያዣውም ያው ነው። የተለወጠው መጠኑን ማዕከላዊ ባንኩ መወሰኑና ባንኮች ተሰልፈው አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ብቻውን ሲያንኳኳ የሚታይ የለም።

ይኸውልሽ፣ ዲስካውንት ሬት ገንዘብ በማስገባት በኩል ይህን ያህል ነው። ሆኖም የነሐሴ 17ቱ ውሳኔ ከንቱ አልነበረም። የዚያን ዕለት የአክሲዮን ገበያው ዘለለ። ገንዘብ ስለገባ አይደለም። ሰዎች «ማዕከላዊ ባንኩ አደጋውን አይቶታል፤ ዋናውን ወለድም ሊቀንስ ነው» ብለው ስላነበቡት ነው። ከውሳኔው ጋር የወጣው መግለጫም ኢኮኖሚው የመቀዛቀዝ አደጋው መጨመሩን ይናገር ነበር። መስከረም 18 ደግሞ ዋናው ግብ ከ5.25 ወደ 4.75 ወረደ። ምልክቱን ያነበቡት አልተሳሳቱም።

ስለዚህ በዲስካውንት ሬት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማዕከላዊ ባንኩ ባለቤት ሊሆን የሚችልበት ቦታ አለ። «ተመኑን አወረደ»፣ «ምልክት ሰጠ»፣ «ፍንጭ ሰጠ» ማለት ይቻላል። ገንዘቡን በሚመለከት ግን ባለቤቱን ቀይሪ። ለጽሑፍሽ እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «ማዕከላዊ ባንኩ ዲስካውንት ሬቱን በማውረድ የፖሊሲውን አቅጣጫ አመለከተ፤ የፈለጉ ባንኮችም በአዲሱ ተመን ተበደሩ።» «የፈለጉ» የምትለዋን አትዝለያት።

ምልክቱ ራሱ ከዘመን ዘመን ጉልበቱ ይለያያል። እስከ 1994 የካቲት ድረስ ፌዴራል ሪዘርቭ የገበያ ግቡን ሲቀይር ወዲያው አይናገርም ነበር። ነጋዴው ከዕለት ግዢና ሽያጩ ላይ መገመት ነበረበት። ዲስካውንት ሬት ግን ሲቀየር በይፋ ይነገር ነበር። ስለዚህ ያኔ ሁሉም ጆሮውን ጥሎ የሚያዳምጠው እሱን ነው። ግቡ በይፋ መነገር ሲጀምር ግን የዲስካውንት ሬት ዜና ብዙ ጊዜ የዋናው ዜና ጭራ ሆነ። የ2007ቱ ጎልቶ የታየውም ዋናው ግብ ሳይነካ እሱ ብቻውን ስለተንቀሳቀሰ ነው።

የእኛን አገር በተመለከተም ቃላቱን ለይተሽ ተጠቀሚ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በእኛ ሐምሌ 2016 ወደ ወለድ ተመን የተመሠረተ ፖሊሲ ሲሸጋገር የፖሊሲ ተመኑን 15 በመቶ አደረገ። ለአንድ ሌሊት የሚበደረው ባንክ ከዚያ 3 ነጥብ ከፍ ብሎ 18 በመቶ እንዲከፍል፣ ትርፍ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ደግሞ 12 በመቶ እንዲያገኝ ወሰነ። የዲስካውንት ሬት ቦታ የያዘው ያ 18ቱ ነው። መካከሉ ላይ ያለውን 15 ዲስካውንት ሬት ማለት አይቻልም። እሱ ለጨረታው፣ ማለትም ለክፍት ገበያ ግብይቱ መነሻ ነው። ቅርንጫፍሽ ውስጥ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ካለ የመጀመሪያው ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

18ቱን ጣሪያ ብሎ መጥራት ጥሩ ነው። መያዣ ያለው ባንክ ከማዕከላዊ ባንኩ በ18 ማግኘት እየቻለ ለሌላ ባንክ 20 አይከፍልም። የግምጃ ቤት ሰነድ የሌለው ባንክ ግን በዚያ በር መግባት ስለማይችል ጣሪያው ለእሱ ጣሪያ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ዲስካውንት ሬት በተነካ ቁጥር «ማዕከላዊ ባንኩ ምልክት ሰጠ» ብለሽ አትጻፊ። አንዳንዴ የገበያው ወለድ አስቀድሞ ወጥቶ ወይም ወርዶ ይሆናልና፣ ተመኑ የሚቀየረው ልዩነቱ እንዳይሰፋ ብቻ ነው። ያኔ የሚስማማው ግስ «አስተካከለ» ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ነገር እዪ። ከውሳኔው በፊት የባንኮች የእርስ በርስ ወለድ የት ነበር? ከውሳኔው በኋላስ በዲስካውንት ሬቱና በእሱ መካከል ያለው ርቀት ተለወጠ? ርቀቱ እንደ ቀድሞው ከሆነ «አስተካከለ» በዪ። ገበያው ባለበት ቆሞ ተመኑ ብቻ ከተነሣ ወይም ከወረደ «ምልክት ሰጠ» ማለት ትችያለሽ፤ ያም ቢሆን አብሮ የወጣውን መግለጫ ሳታነቢ አይሁን።