ለመጋዘን ሱፐርቫይዘርነት የሚጻፍ ማመልከቻ፦ ጥያቄና መልስ ከኮምቦልቻ

አዲስ ተመራቂ፣ ደሴ፦ ዘንድሮ በሎጂስቲክስ ተመርቄአለሁ። ኮምቦልቻ ያለ የዘይትና የሳሙና አከፋፋይ የመጋዘን ሱፐርቫይዘር ይፈልጋል። ማመልከቻዬ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችልና የሥራ ጫና የምቋቋም ነኝ። በአፓረንትሺፕ ወቅት በመጋዘን ሥራ ሰፊ ልምድ አካብቻለሁ» ይላል። ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ መጋዘኑ ይጎድለዋል። ይህንኑ ጽሑፍ ሆቴልም ባንክም ብታስገባው ይሄዳል። እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ ማመልከቻ ሲመጣም አነባለሁ። «ሰፊ ልምድ» የሚል የዘንድሮ ተመራቂ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥርጣሬ ነው። እስቲ አፓረንት በወጣህበት መጋዘን በእጅህ የሠራኸውን አንድ ነገር ንገረኝ።

አዲስ ተመራቂ፣ ደሴ፦ ብዙም አይደለም። የወር መጨረሻ ቆጠራ ላይ ነበርኩ። አንዱ ዘይት ካርዱ ላይ 480 ካርቶን ይላል፤ ስንቆጥር 452 ሆነ። በኋላ ሳየው 24ቱ ማታ ተጭነው ወጥተዋል፣ ካርዱ ላይ ግን አልሰፈሩም። 4ቱ ፈሰው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር።

መልስ፦ «ብዙም አይደለም» ያልከው ነገር ማመልከቻህ ነው። ሌላውን ሁሉ አውጣና ይህን በመሐል አንቀጽ አስገባው፦

«በተግባር ልምምድ በነበርኩበት የምግብ ዘይት መጋዘን በወር መጨረሻ ቆጠራ ተሳትፌአለሁ። የአንድ ዕቃ ቢን ካርድ 480 ካርቶን ሲያሳይ በቆጠራ የተገኘው 452 ነበር። የወጪ ሰነዶቹን በተከታታይ ቁጥራቸው ከካርዱ ጋር ሳመሳክር 24 ካርቶን ወጥቶ ካርዱ ላይ እንዳልተመዘገበ አገኘሁ። የቀሩት 4 ካርቶኖች ተበላሽተው ያለ ሰነድ ወደ ጎን የተቀመጡ ነበሩ። ልዩነቱን ለመጋዘን ኃላፊው በጽሑፍ አቀረብኩ፤ ማስተካከያውም በእሳቸው ፊርማ ተደርጓል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትቆርጣት። «ልዩነቱን አስተካከልኩ» ብለህ ብትጽፍ ጠያቂው «በማን ፈቃድ?» ይልሃል። ለልምምድ የመጣ ልጅ የመጋዘን ካርድ ላይ ቁጥር የሚቀይርበት ቤት ካለ ችግሩ ከ28 ካርቶን በላይ ነው።

ሰነዱን ያመሳከረው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ «ሳመሳክር» አትበል፤ «ሲመሳከር አብሬ ሠርቻለሁ» በል። ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት አገኘኸው?» መባልህ አይቀርም። ያመሳከረ ሰው ሳያስብ ይመልሳል፦ ካርዱ ላይ መጨረሻ የሰፈረውን የሰነድ ቁጥር አየሁ፣ ከዚያ በኋላ የተቆረጡትን ሰነዶች አወጣሁ፣ ካርዱ ላይ የሌለችው አንዷ 24 ካርቶን ይዛ ተገኘች፣ የዘበኛው መዝገብም መኪናው መውጣቱን ያሳያል። ያላመሳከረ ሰው «ሲስተሙን ቼክ አድርጌ» ብሎ ይንተባተባል።

አንድ ነገር ጨምር። እስካሁን የጻፍነው ጎበዝ ቆጣሪ መሆንህን ነው። የሚፈለገው ግን ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም ሌሎች ሲቆጥሩና ሲጭኑ የሚቆጣጠር ነው። ስለዚህ አንቀጹን በዚህ ዝጋው፦ «ከዚህ በመነሳት፣ በቆጠራ ቀን ዕቃ መግባትና መውጣት የሚቆምበትን ሰዓት አስቀድሞ መወሰን፣ ቆጣሪዎች የካርዱን ቁጥር ሳያዩ እንዲቆጥሩና መዝጋቢው ሌላ ሰው እንዲሆን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ተረድቻለሁ።» ቆጣሪው 480 የሚለውን አስቀድሞ ካየ፣ ደክሞት ሳለ 480 ነው ብሎ ይሄዳል። ይህን መጋዘን ውስጥ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

የረጅም ጊዜ ስቶር ኪፐር፣ ኮምቦልቻ፦ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ታሪክ ማን ያነባል? «ፊፎ አውቃለሁ፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል» ብለህ ጻፍ፤ በቃ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ለሳሙናው ልክ ነዎት። ለዘይቱ ግን አይበቃም። በጥቅምት የገባው ዘይት ካርቶኑ ላይ 12/2026 ይላል እንበል፤ በኅዳር የገባው ደግሞ 08/2026። በፊፎ ከሄድን የጥቅምቱ ይወጣል፣ ቀድሞ የሚያልፍበት የኅዳሩ ተቀምጦ ይጠብቃል። እዚህ የሚሠራው የሚያልፍበትን ቀን ተከትሎ ማውጣት ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ካርዳችን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው በፈረንጅ። 08ን ሚያዝያ ብሎ ያነበበ ጫኝ አይቻለሁ፤ ኦገስት ነው፣ ማለትም ነሐሴ አካባቢ። ልጁ ይህን በልምምዱ ላይ ካየ አንድ መስመር ይጻፍ። ካላየ አይጻፍ።

የስቶር ኪፐሩ ምላሽ፦ የቀኑ ነገር እውነት ነው። ማመልከቻው ግን አሁንም ረዘመብኝ።

መልስ፦ ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ በዚያ እስማማለሁ። አድራሻና «ጉዳዩ፦» የሚለው ከላይ፣ የትኛውን መደብ እንደሚፈልግ በሁለት መስመር፣ ያ አንቀጽ፣ ከዚያ አባሪዎቹና ስልክ።

ሾፌር፣ ከባቲ መንገድ፦ እኔ የፎርክሊፍት ፈቃድ አለኝ። ደረቅ ወደብ ለመግባት ይህንኑ አንቀጽ ልጠቀም?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ ያንተ ሌላ ሥራ ነው። ላንተ የፈቃዱ ደረጃ፣ እስከ ስንት ቶን እንደነዳህና የት እንደነዳህ ነው የሚታየው። ደብዳቤውን አሳጥረው፤ ነድተህ እንድታሳያቸው መጠራትህ አይቀርም።

ተመራቂ እህት፣ ደሴ፦ ማስታወቂያው 2 ዓመት ልምድ ይላል፤ እኔ ዜሮ ነኝ። አፓረንቱን እንደ ልምድ ልቁጠረው?

መልስ፦ አትቁጠሪው፣ እህቴ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ዶክመንት የሚለየው ሰው የልምድ ደብዳቤሽን አይቶ ያወጣሻል፤ የቱንም ያህል ቢያምር ማመልከቻው እስከዚያ አይደርስም። የግል ድርጅት ከሆነ ሞክሪ። የተመረቅሽበትን ወር በግልጽ ጻፊና ልምምዱን ልምምድ በዪው። በዚያው ደብዳቤ «በረዳትነት ወይም በስቶር ኪፐርነት ለመጀመርም ዝግጁ ነኝ» ማለት ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፤ ራስን ማሳነስ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ብሆን እጽፈዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ አይጽፍም፤ እሱም የቀጠራቸው ሰዎች አሉ።

አዲስ ተመራቂ፣ ደሴ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። «ዋስ ማቅረብ የሚችል» ይላል። ዋስ ገና አላገኘሁም። ማመልከቻው ላይ ልንገራቸው?

መልስ፦ «የተጠየቀውን ዋስትና አቀርባለሁ» ብለህ አትጻፍ፤ ገና የለህማ። ዝም ማለትም ይቻላል፤ ብዙ ቦታ ዋሱ የሚጠየቀው ካለፍክ በኋላ ነው። ግን ከወዲሁ ፈልግ። ዕቃ የሚያስረክቡት ሰው ስለሆንክ ደመወዝተኛ ዋስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ እሱ ደግሞ በአንድ ቀን አይገኝም። ዋስ ሆኖ የሚፈርምልህን ዘመድ ስለ ምን እንደሚፈርም ንገረው፤ መጋዘን ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠየቀው አንተ፣ ቀጥሎ እሱ ነው።