የሰኔ 30 ቆጠራ ሲጎድል፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

«የጅምላ መደብር ሒሳብ ነው የምይዘው። ሰኔ 30 ስንቆጥር ባለ 5 ሊትር ዘይት መዝገቡ 412 ይላል፣ መጋዘን ያለው 385 ነው። ባለቤቱ ከስቶር ኪፐሩ ደመወዝ ይቆረጥ ይላል። ከየት ልጀምር?»

ደመወዙን ለጊዜው ተዉት። እኔም ድሮ የሠራሁበት ቤት ልክ እንዲህ 27 ጄሪካን ጎድሎብን አንድ ሳምንት ሙሉ እርስ በርስ ስንጠራጠር ከርመናል፣ ያገኘነውን ልንገርሽ ያንቺም ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ የቆጠራው ሰዓት ላይ የመጨረሻው የገቢና የወጪ ሰነድ ቁጥር ስንት እንደነበር ጠይቂ። እኛ ጋ ሰኔ 30 ከሰዓት፣ ቆጠራው ሊጀመር ሲል፣ 10 ጄሪካን በዴሊቨሪ ወጥቶ ደንበኛ ጋ ደርሷል፣ ደረሰኙ ግን ሐምሌ 1 ጠዋት ነው የተቆረጠው። ዕቃው በሰኔ ወጣ፣ መዝገቡ በሐምሌ ቀነሰ፣ 10 አለቀ። ቀጥሎ የአቅራቢውን ስቴትመንት አስመጣን፣ እዚያ ላይ «ተመላሽ 12» የሚል ቁጭ ብሏል! ለካ ሲያፈስ የመጣውን ሾፌሩ እዚያው መልሶ ጭኖት ሄዷል፣ ስቶር ኪፐሩ በር ላይ መውጫ ፈርሞለታል፣ ሒሳቡ የሚያዝበት ፒችትሪ ላይ ግን ማንም አልመታውም። ሦስቱ ደግሞ መጋዘን ጥግ ተቀደው ባዷቸውን ተገኙ። 10 እና 12 እና 3 ሲደመር 25፣ ሳይታወቅ የቀረው 2 ብቻ ነው።

እና እባክሽ 27ቱንም በአንድ መስመር ጉድለት ብለሽ ወጪ እንዳታደርጊው። 12ቱን እንዲያ ብታደርጊ የመለስሽውን ዕቃ ዋጋ ለአቅራቢው ከፍለሽ ቁጭ ነው፣ እሱ የሚቀነሰው ከተከፋይ ሒሳብ ላይ ነው። 10ሩ የሰኔ ሽያጭ ስለሆነ ገቢውም ወጪውም ወደ ሰኔ ይመለሳል። ብልሽት የሚባለው 3ቱ ነው።

«ደንበኞች የመለሱት ሳሙና አለ፣ 6 ካርቶን፣ ሳንመዘግበው መደርደሪያ ላይ አስገብተነዋል። ቆጠራው 4 ካርቶን የጎደለው በዚህ ይሆን?»

አይ ወንድሜ፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ያልተመዘገበ የደንበኛ ተመላሽ መጋዘኑን እንጂ መዝገቡን አይጨምርም፣ ስለዚህ ትርፍ ነው የሚያሳይህ። ያ 6 ካርቶን ገብቶም 4 ከጎደለህ እውነተኛው ጉድለት 10 ነው ማለት ነው፣ ተመላሹ ሸፍኖልህ ነበር። ተመላሽ የሚያጎድለው ክሬዲት ኖቱ ተቆርጦ መዝገቡ ጨምሮ ዕቃው ግን መደርደሪያ ካልደረሰ ነው፣ መኪና ላይ ቀርቶ ወይ ተሰብሮ ተጥሎ። የክሬዲት ኖቶቹን ቁጥር ይዘህ «ዕቃው የታለ?» እያልክ አንድ በአንድ ሂድ።

«ወተትና እርጎ እናከፋፍላለን፣ ሁሌ ሲጎድል ተበላሽቶ ነው ይሉኛል። እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?»

ብልሽት የሚበላሽ ነገር ላይ ነው የሚታየው። እርጎ ጎድሎ የገላ ሳሙናውም ምላጩም አብሮ ከጎደለ ሌላ ነገር ፈልጊ። ሁለተኛ፣ ቀኑን እዪ፦ መብራት በጠፋበት ሰሞን ወይ ኤክስፓየር ሊያደርግ ሳምንት በቀረው ስቶክ ላይ ከተሰበሰበ ያምናል ልብሽ፣ በየወሩ እኩል 20 እየሆነ ከመጣ ግን ብልሽት እንዲህ ሥርዓት የለውም። ከአሁን ወዲያ የሚጣለው ነገር ሁለት ሰው ፊት ይቆጠር፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረም፣ ከዚያ ነው የሚደፋው። ደፍተው ከጨረሱ በኋላ የተጻፈ ወረቀት ለኦዲተሩም ብዙ አይጠቅመውም።

«ስራ በዝቶብን የሰኔ 30ውን ቆጠራ ሐምሌ 3 ነው የቆጠርነው፣ ከሰኔ 30 መዝገብ ጋር ሳስተያየው ሁሉም ነገር ጎድሏል 😩»

በቀጥታ አታስተያየውም። ሐምሌ 3 የቆጠርከው ላይ ከሐምሌ 1 ጀምሮ እስክትቆጥር የወጣውን ደምር፣ የገባውን ቀንስ፣ የሚመጣልህ የሰኔ 30 ስቶክ ነው። 200 ቆጥረህ 45 ወጥቶ 30 ከገባ 215 ነበረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላም የጎደለው የሐምሌውን መጨረሻ ስትቆጥር በራሱ ከጠፋ የካት ኦፍ ስህተት ነበር፣ የአንዱ ወር ሰነድ ሌላው ወር ውስጥ ገብቶ። እዚያው ከተገተረ ግን ለአቅራቢ ሄዶ ያልተመዘገበ ተመላሽ ወይ ብልሽት ወይ ስርቆት ነው፣ እነሱ ሰነድ እስኪያገኙ በራሳቸው አይድኑም።