«አልደረሰም» እና «መድረሱ አልተረጋገጠም»

ጥያቄ፦ የፍርድ ማጠቃለያ እጽፋለሁ። አንድ ዳኛ ከአብላጫው ተለይተው የሚጽፉትን «የሐሳብ ልዩነት» ልበለው ወይስ «የልዩነት ሐሳብ»? ደግሞም «ዳኛው ማስጠንቀቂያው ለተከራዩ አልደረሰም አሉ» ብዬ ብጽፍ አለቃዬ «እንዲያ አላሉም» ብለው መለሱልኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አለቃዎ ልክ ናቸው። ለምን ልክ እንደ ሆኑ ከማሳየቴ በፊት ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳልነካው ማለፍ አልችልም፤ በዚህ ነገር ከሰው ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ።

በአማርኛ ዘርፉ ይቀድማል፣ ባለዘርፉ ይከተላል። «የሐሳብ ልዩነት» ስንል የምናወራው ስለ ልዩነት ነው። በሁለት ወገን መካከል ያለ ሁኔታ ነውና አብላጫውም አነስተኛውም እኩል ይካፈሉታል። «የልዩነት ሐሳብ» ስንል ግን የምናወራው ስለ ሐሳብ ነው፤ አንድ ዳኛ ጽፈው የሚፈርሙበት ነገር። ሐሳብና ሒሳብ ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው፤ በግእዝ ሐሰበ ቆጠረም አሰበም ይሆናል። (በሀሌታው ሀ የሚጽፉት ይህን ዝምድና ከዓይን ይሰውሩታል፤ ግን ዛሬ እነሱ ይበዛሉ፣ ምን ይደረግ።) ለየ ደግሞ በግእዝ ሌለየ ነው፤ የተቀላቀለውን ነጠለ ማለት ነው። እንግዲህ «የልዩነት ሐሳብ» ቃል በቃል ሲፈታ ተነጥሎ የተቆጠረ ሒሳብ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም።

«የተቃውሞ ሐሳብ» ይባል የሚሉም አሉ። ተቃወመ ከቆመ የወጣ ነው፣ ፊት ለፊት ተያይቶ መቆም ነው፣ የዳኛው ሥራም ይኸው ነው ይላሉ። በሥርወ ቃሉ አልረታቸውም። ነገር ግን መቃወም በችሎት ቋንቋ የተከራካሪ ወገን ሥራ ሆኖ ተይዟል፤ መቃወሚያ የሚያቀርበው ተከሳሹ ነው። ከዚያም በላይ ጆሮዬ አይቀበለውም። የሚለየው ዳኛ ብዙውን ጊዜ ከአብላጫው ጋር ረጅም መንገድ አብሮ ሄዶ አንድ መታጠፊያ ላይ ነው የሚነጠለው። «የሐሳብ ልዩነት»ን በተመለከተ ግን ሽንፈቴን ልመን፤ በውሳኔዎች ላይ ርእስ ሆኖ ይጻፋል፣ አንባቢም አይደናገርበትም። እርስዎም ቢጽፉት አልቀየምም።

አሁን ወደ «አልደረሰም» እንሂድ። የእርስዎ ጉዳይ እንዲህ ነው ብለን እናስብ። አከራይ ውሉን የሚያቋርጥ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ለተከራዩ ቤት ዘበኛ ሰጠ። ተከራዩ «አላየሁትም» አለ። አራት ዳኞች፣ ዘበኛው ከዚህ በፊትም የተከራዩን ደብዳቤዎች ሲቀበል የቆየ ስለ ሆነ ማስጠንቀቂያው እንደ ደረሰ ይቆጠራል፣ ውሉም ተቋርጧል፣ ተከራዩ ቤቱን ይልቀቅ ብለው ወሰኑ። አምስተኛው ዳኛ ተለዩ። ወረቀቱ ለዘበኛው መሰጠቱን ይቀበላሉ። ማስጠንቀቂያ ካልደረሰ ውል አይቋረጥም በሚለው ሕግም ከአብላጫው ጋር አንድ ናቸው። የሚለዩት እዚህ ላይ ብቻ ነው፦ ከዘበኛው ወደ ተከራዩ መተላለፉን የማስረዳት ሸክሙ የአከራዩ ነው፣ አከራዩም አላስረዳም፣ ስለዚህ ማስረጃ ተሰምቶ እንዲወሰን ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይመለስ።

እርስዎ የጻፉት «ማስጠንቀቂያው አልደረሰም አሉ» የሚል ነው። አሉታው የት እንደ ተቀመጠ ይዩ። በእርስዎ ዓረፍተ ነገር «አል» የተለጠፈው መድረስ ላይ ነው፤ ዳኛው ግን የለጠፉት ማረጋገጥ ላይ ነው። «አልደረሰም» ካሉ ፍሬ ነገሩን ወስነዋል፤ ተከራዩ ረቷል፣ ጉዳዩን መመለስም ትርጉም የለውም። «መድረሱ አልተረጋገጠም» ካሉ ግን ማንም ገና አልረታም። አማርኛ ይህን ስሕተት ያቀልልናል፤ በየቀኑ «የሚመጣ አይመስለኝም» ስንል «አይመጣም» ማለታችን ነው፣ ሰሚውም እንዲያው ይረዳናል። በወሬ መካከል አሉታው ከግሥ ወደ ግሥ ቢዘል ጉዳት የለውም። በፍርድ ማጠቃለያ ውስጥ ግን ዝላዩ ዳኛውን ያልወሰኑትን ያስወስናቸዋል።

ስለዚህ ሲያጠቃልሉ የልዩነት ሐሳቡን ከመጨረሻው ይጀምሩ። ዳኛው ምን ይደረግ ነው ያሉት? ይጽና፣ ይሻር፣ ይሻሻል ወይስ ይመለስ? ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሱ ከአብላጫው ጋር የሚስማሙበትን ያስቀምጡ፤ የሚቀረው መታጠፊያው ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የልዩነት ሐሳቡ ማስጠንቀቂያው ለዘበኛው መሰጠቱን ከአብላጫው ጋር ይቀበላል። የሚለየው ለተከራዩ መድረሱን አከራዩ አላስረዳም በማለት ነው፤ በመሆኑም ጉዳዩ በማስረጃ ተጣርቶ እንዲወሰን ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሊመለስ ይገባል ይላል።» ውሳኔውን ያላነበበ ሰው ይህን ማጠቃለያ አይቶ «የእኚህ ዳኛ ሐሳብ ቢያሸንፍ ኖሮ ተከራዩ ምን ይሆን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ «ገና አልታወቀም» ብሎ መመለስ አለበት። «ቤቱ ውስጥ ይቀር ነበር» ካለ ማጠቃለያው ተበላሽቷል።

ሌላ ወጥመድም አለ። የሚለየው ዳኛ አብላጫውን በራሱ አፍ ይገልጸዋል፣ አንዳንዴም ያገንነዋል። በዚህ ጉዳይ የልዩነት ሐሳቡ «አብላጫው ለዘበኛ የተሰጠ ወረቀት ሁሉ ለባለቤቱ ደርሷል ብሏል» ቢል፣ አብላጫው ሁሉ አላለም፤ የዚህን ዘበኛ ልማድ ነው የተመረኮዘው። ስለዚህ አብላጫው ያለውን ከአብላጫው ሐተታ ይቅዱ፤ የዳኛውን አባባል ማስገባት ካስፈለገ «በልዩነት ሐሳቡ አረዳድ» የምትል ሐረግ ትቅደመው። «ዳኛው አብላጫው ... ማለቱን አስረዱ» አይበሉ። «አስረዱ» እና «አረጋገጡ» የሚባሉ ግሦች የተነገረውን እውነት አድርገው ያሳልፋሉ፤ «ይላል» ግን ከማንም ጋር አይወግንም። «ገለጹ»ንም ከእነሱ እቆጥረው ነበር፤ ዛሬ ጋዜጣው ሁሉ «አለ» በሚባልበት ቦታ «ገለጸ» ስለሚል ክሴን አንሥቻለሁ።

በመጨረሻ «አሉ» የሚለውን ቃል ይጠንቀቁት። አንድ ዳኛ በአክብሮት «አሉ» ነው፣ አራት ዳኞችም «አሉ» ነው። «ዳኞቹ ውሉ ተቋርጧል ያሉ ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያው ለዘበኛው መሰጠቱን ተቀብለው በቂ አይደለም አሉ» ብለው ቢጽፉ፣ የመጨረሻው «አሉ» የማን ነው? አማርኛ ባለቤቱን ከግሡ ስለሚያስታውቅ ደግመን አንጠራውም፤ እዚህ ግን ግሡ ራሱ ሁለት ጌታ አለው። እኔ ለአብላጫው «ብሏል»፣ ለሰነዱ «ይላል» እላለሁ፤ «አሉ»ን ለተለዩት ዳኛ ብቻ እተዋለሁ። አንድ ወዳጄ «አብላጫው እኮ ሰዎች ናቸው፣ በነጠላ ‹ብሏል› ማለት ነውር ነው» ይለኛል። አብላጫው ግን ድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ አንቱ አይባልም።